«እርምጃ ተወሰደ»፦ ስለ ጅምላ ግድያ፣ ስለ ዘር ማጥፋትና ስለ ባርነት ስንጽፍ ቃል ስለ መምረጥ



ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ማሟያ ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ርእሱ በአንድ የአዲስ አበባ ቀበሌ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተፈጸመውን ግድያ የሚመለከት ነበር። ካነጋገርኳቸው ሰዎች መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው የተገደለው የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሳለ ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ ቤታቸው ሄጄ እርሳቸውን የሚመለከተውን ገጽ አነበብኩላቸው። ገጹ «በዚያው ሳምንት በሰባት የቀበሌው ወጣቶች ላይ አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደ» ይል ነበር። እናትየዋ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼንንማ ያን ጊዜም በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። አንተ የጻፍከው የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ቀኑን አጣርቻለሁ፤ ቁጥሩን ከሁለት ምንጭ አመሳክሬያለሁ፤ የግርጌ ማስታወሻዬም የተሟላ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ግን የእኔ አልነበረም። የገዳዩን ዓረፍተ ነገር ከሰነዱ ገልብጬ በራሴ ስም አውጥቼዋለሁ። ዛሬ የእናንተን የጥናት ወረቀቶች ሳርም አዘውትሬ የማገኘው ስሕተት ይኸው ነው። ስለ ጅምላ ግድያም ሆነ ስለ ባርነት ስንጽፍ አብዛኛው ሰነድ የሚደርሰን ከፈጻሚው ወገን ነው፤ ሰነዱን ስንወስድ ቃሉንም ሳናስተውል እንወስዳለን። ይህን በሦስት ቃላት ላይ ላሳያችሁ፦ «እርምጃ»፣ «ዘር ማጥፋት» እና «ባሪያ»።

የመጀመሪያው ቃል፦ እርምጃ

«እርምጃ» በራሱ ክፉ ቃል አይደለም። «ተራመደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ እግርን አንሥቶ ወደፊት መሄድ ማለት ነው። መሥሪያ ቤት ደንብ በጣሰ ሠራተኛ ላይ እርምጃ ወሰደ እንላለን። ችግሩ የሚጀምረው ይህ የቢሮ ቃል ሰውን በጥይት መግደልን እንዲተካ ሲደረግ ነው። ያን ጊዜ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ይጠፋሉ።

መጀመሪያ የሚጠፋው ድርጊቱ ነው። «እርምጃ» መታሰር ይሁን መገረፍ፣ መረሸን ይሁን መሰወር አይናገርም። ሁለተኛ የሚጠፋው አድራጊው ነው። በአማርኛ ግሥን በ«ተ» ስንጀምረው ባለቤቱን ሳንጠራ ነገሩን መጨረስ እንችላለን፤ «ተወሰደ» ስንል ማን እንደ ወሰደ መናገር አይጠበቅብንም። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። እርምጃ የሚወሰደው በአጥፊ ላይ ነውና፣ ቃሉ የተገደለውን ሰው ሳይከሰስና ሳይፈረድበት ጥፋተኛ ያደርገዋል። በዚያ ዘመን «ነጻ እርምጃ» ይባል የነበረው ደግሞ የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ማንንም ሳያስፈቅዱ መግደል ይችላሉ ማለት ነበር። «ነጻ» የሆነው ገዳዩ ነው። ይህን ቃል ያለ ትምህርተ ጥቅስ የሚጽፍ ተማሪ የፈቃድ ወረቀቱን እንደገና ይፈርማል።

«አናርኪስት»፣ «ፀረ አብዮተኛ»፣ «ፀረ ሕዝብ» የሚሉት ስሞችም እንዲሁ ናቸው። በቅርብ ያረምኩት አንድ ወረቀት «በቀበሌው አሥራ አንድ አናርኪስቶች ተገድለዋል» ይላል። ጸሐፊዋ ክፉ ሐሳብ አልነበራትም፤ የቀበሌው መዝገብ እንደዚያ ስለሚል ነው። ነገር ግን መዝገቡ የሚያስረዳን መዝጋቢው ሰዎቹን ምን ብሎ እንደ ጠራቸው እንጂ ሰዎቹ ማን እንደ ነበሩ አይደለም። ስለዚህ «መዝገቡ ‹አናርኪስቶች› የሚላቸው አሥራ አንድ ሰዎች» ተብሎ ቢጻፍ ምንጩም አይዛባም፣ ፍርዱም የጸሐፊዋ አይሆንም። የኢሕአፓ አባል መሆናቸው በሌላ ማስረጃ ከተረጋገጠ ደግሞ «የኢሕአፓ አባላት» ማለት ይገባል፤ የድርጅቱ ስም የሚመረመር ነገር ነው፣ «አናርኪስት» ግን ስድብ ነው።

«ቀይ ሽብር» የሚለው ስያሜስ? ይህም የፈጻሚው ቃል ነው። ደርግ ስሙን የተዋሰው ከሩሲያ አብዮት ታሪክ ሲሆን፣ ከመድረኩ ሁሉ ይበልጥ የሚታወሰው ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየሰበሩ ያደረጉት ንግግር ነው። ይሁንና ዛሬ ይህን ስም መተው አይቻልም፤ የተረፉትም፣ የሟች ቤተሰቦችም፣ በመስቀል አደባባይ ያለው የመታሰቢያ ሙዚየምም ይጠቀሙበታል። ከገዳዩ እጅ ወጥቶ የተበዳዮች መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ እኔ ስያሜውን እንድትተዉት አልጠይቅም፤ የወቅቱ ስም ሆኖ እንዲቀር እንጂ የድርጊቱ መግለጫ እንዳይሆን እጠይቃለሁ። «በቀይ ሽብር ዘመን የቀበሌ ታጣቂዎች እስረኞችን ያለ ፍርድ ገደሉ» ማለትና «በእስረኞቹ ላይ ቀይ ሽብር ተካሄደ» ማለት አንድ አይደሉም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደውን «ነጭ ሽብር» የሚለውን ግን ጠንቀቅ ብላችሁ ያዙት። ደርግ የኢሕአፓን የከተማ ግድያዎች «ነጭ ሽብር» ያለው የራሱን ድርጊት አጸፋ ለማስመሰል ነው። ኢሕአፓ በአዲስ አበባ የደርግ ደጋፊዎችንና ባለሥልጣናትን መግደሉ እውነት ነው፤ በወረቀታችሁ ውስጥ በግልጽ ሊጻፍም ይገባል። ነገር ግን «ቀይና ነጭ ሽብር» ብላችሁ ሁለቱን በአንድ ጥንድ ስታስሩ፣ በታጠቀ ድርጅት የተፈጸሙ ግድያዎችንና መንግሥት በቀበሌ፣ በእስር ቤትና በጦር ኃይሉ ያካሄደውን ዘመቻ ልክ የሆኑ ሚዛኖች ታደርጓቸዋላችሁ። ሚዛኑን ማስረጃችሁ ያሳይ፤ ጥንዱ ቃል ቀድሞ አይፍረድ። እንደዚሁም መኢሶንን አትርሱ። እስከ 1969 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ ከደርግ ጋር የሠራ፣ ከዚያ በኋላ ራሱ የተመታ ድርጅት ነው። በአንድ ቀበሌ በሚያዝያ የገደለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ከሟቾቹ ተራ ሊገኝ ይችላል። «ገዳይ» እና «ተጎጂ» የሚሉትን ቃላት ለሰው ለዘለዓለም አትስጡ፤ ለድርጊትና ለቀን ስጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ለብዙ ሰው ሞት ሁለት ቃላት አሉት፤ ተማሪዎች እያቀያየሩ ይጽፏቸዋል። «ዕልቂት» ከ«አለቀ» የወጣ ነው። ሕዝብ በረኀብም፣ በወረርሽኝም፣ በጥይትም ያልቃል፤ በቃሉ ውስጥ ገዳይ የለም። «ጭፍጨፋ» ግን ከ«ጨፈጨፈ» ነው፤ ጨፍጫፊ የግድ ይኖረዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የተጣለውን ቦምብ ተከትሎ የጣሊያን ጥቁር ሸሚዞችና ሌሎች በአዲስ አበባ ያደረጉትን «የአዲስ አበባ ዕልቂት» ብለን ስንጠራ፣ ሟቾቹን እናስታውሳለን፤ ጨፍጫፊዎቹን ግን ከዓረፍተ ነገሩ እናስወጣቸዋለን። «ዕልቂት» ለልቅሶ የሚሆን ቃል ነው፤ ለጥናት «ጭፍጨፋ» ይሻላል።

«ገዳዩ በምንጩ ካልተገለጸስ?» ትሉኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ይህንኑ ጻፉ፦ «ገዳዮቹ እነማን እንደ ሆኑ ሰነዱ አይገልጽም።» ይህ ዓረፍተ ነገር ክፍተቱን የሰነዱ ክፍተት ያደርገዋል። «ተገደሉ» ብሎ ማለፍ ግን ክፍተቱን የአንባቢው ያደርገዋል፤ አንባቢውም መኖሩን አያውቅም።

ሁለተኛው ቃል፦ ዘር ማጥፋት

ሁለተኛው ቃል ከፈጻሚው ሳይሆን ከሕግ የመጣ ነው፤ ስለዚህም አደጋው ሌላ ነው። ቃሉን የፈጠሩት ፖላንዳዊው የሕግ ሰው ራፋኤል ሌምኪን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ አንድ የግሪክና አንድ የላቲን ቃል አጋጥመው «ጄኖሳይድ» አሉት። እኛ «የዘር ማጥፋት» ብለን ተረጎምነው። ትርጉሙ መጥፎ አይደለም፤ ግን «ዘር» በአማርኛ ትውልድን፣ የደም ሐረግን፣ የብሔር ማንነትን የሚያሳስብ ቃል ነው። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የታሪክ ጸሐፊዎች ልዩ ወጥመድ አለው፤ ላስረዳ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው ውሳኔ ላይ የፖለቲካ ቡድኖችም ተጠቅሰው ነበር። በ1948ቱ ስምምነት ግን ከረጅም ክርክር በኋላ የፖለቲካ ቡድኖች ቀርተው አራት ብቻ ጸደቁ፦ በዜግነት፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት የተለዩ ቡድኖች። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. በማጽደቅ ከዓለም መንግሥታት የመጀመሪያዋ ሆነች። ከዚያም የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጓን ስታወጣ፣ በአንቀጽ 281 ከስምምነቱ አልፋ የፖለቲካ ቡድንንም በጥበቃው ውስጥ አስገባች። (1949 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 1957 መሆኑን ልብ በሉ፤ በወረቀቶቻችሁ ውስጥ ይህ ሕግ ከስምምነቱ መጽደቅ ጋር በአንድ ዓመት የወጣ ሆኖ ደጋግሞ ይቀርባል።)

የደርግ ባለሥልጣናት የተከሰሱት በዚህ አንቀጽ ነው። ችሎቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ሌሎችንም ተከሳሾች በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። የፍርዱ መሠረት ሟቾቹ የፖለቲካ ቡድን አባላት ሆነው መገደላቸው ነበር። ፍርዱ የተሰጠው በድምፅ ብልጫ ነው፤ የተለዩት ዳኛ ስለ ፖለቲካ ቡድን የሚናገረው የሕጉ ክፍል ተሽሯልና ተከሳሾቹ ጥፋተኛ መባል ያለባቸው በከባድ የሰው ግድያ ነው ብለዋል። ልብ በሉ፤ ዳኛው ሰዎቹ መገደላቸውን አልካዱም። የተለዩት በቃሉ ላይ ነው።

አሁን አንድ ተማሪ «መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዘር ማጥፋት ተፈረደባቸው» ብሎ ብቻ ቢጽፍ ምን ይሆናል? ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። አንባቢው ግን «የትኛውን ብሔር ለማጥፋት?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣም የራሱን ይሞላል። የአገራችንን ሁኔታ የምታውቁ ሁሉ ይህ መሙላት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታውቃላችሁ። በሌላ በኩል የውጭ አገር ምሁራንን ብቻ ያነበበ ተማሪ «ይህ ዘር ማጥፋት አይደለም፤ ስምምነቱ የፖለቲካ ቡድንን አይጨምርም» ብሎ የአገሩን ፍርድ ቤት ፍርድ ይሽራል። ሁለቱም የተሳሳቱት ቃሉ የየትኛው ሕግ እንደ ሆነ ባለመናገራቸው ነው።

ስለዚህ «ዘር ማጥፋት» በጻፋችሁ ቁጥር አራት ነገሮች በአቅራቢያው እንዲገኙ እጠይቃለሁ፦ በየትኛው ሕግ ትርጉም፣ የትኛው ቡድን፣ ቡድኑን ለማጥፋት ሐሳብ መኖሩ በምን ታወቀ፣ ይህንንስ የወሰነው ማን ነው። አራተኛው በተለይ ይታለፋል። ፍርድ ቤት የበየነው፣ ዐቃቤ ሕግ የከሰሰበት፣ የተጎጂዎች ማኅበር የሚጠራበት፣ እና ጸሐፊው ራሱ ከማስረጃ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ታሪክ ጸሐፊ ፍርድ ቤት እስኪወስን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም፤ መደምደሚያው የራሱ መሆኑን የመናገር ግዴታ ግን አለበት።

ማስረጃው ሐሳብን እስከ ማሳየት ካልደረሰስ? «ጅምላ ግድያ» ወይም «ጭፍጨፋ» ብላችሁ ጻፉ። ይህን ስል ሁልጊዜ አንድ ተማሪ ይነሣና «የሕዝቤን ሞት ማሳነስ አይሆንም ወይ?» ይለኛል። ጥያቄው የሚነሣው ከቁስል ነውና በቀላሉ አላልፈውም። መልሴ ይህ ነው፦ የወንጀሎቹ ስሞች የመከራ ደረጃ መለኪያ አይደሉም። «ዘር ማጥፋት» የሚለየው በሟቾች ብዛት ሳይሆን በገዳዩ ሐሳብ ነው። ብዙ ሺህ ሰዎች የተገደሉበት ጭፍጨፋ በሕግ ዘር ማጥፋት ላይሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ሟች ግን ያው ሟች ነው። ቃሉን ማስረጃው ከሚችለው በላይ ብናስጭነው፣ ነገ የሚቃወመን ሰው ቃሉን ሲያፈርስ ድርጊቱንም ያፈረሰ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ቃል፦ ባሪያ

በሦስተኛው ቃል ላይ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይፈጸማሉ። የመጀመሪያው በምንጩ ያለውን ቃል እንዳለ መውሰድ ነው። «ነጋዴው ሃያ ባሮች ይዞ ወረደ» ብሎ የጻፈ ተማሪ የነጋዴውን የሒሳብ ደብተር ይገለብጣል። በአማርኛ «ባሪያ» የሚለው ቃል በሕግ የተሻረ ሁኔታ ስም ብቻ አይደለም፤ እስከ ዛሬ በቆዳ ቀለምና በትውልድ ሰው የሚሰደብበት ቃል ነው። በምዕራብ ድንበር ያሉ ሕዝቦች ሁሉ በአንድነት «ሻንቅላ» እየተባሉ በጽሑፍ መስፈራቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስሙ ለባሪያ ፈንጋዮች የአደን ክልል ነበር። በራሳችሁ አንደበት ስትጽፉ ጉሙዝን ጉሙዝ፣ በርታን በርታ በሉ። ምንጩ «ሻንቅላ» ብሎ የትኛው ሕዝብ እንደ ሆነ ካልለየ፣ መገመት አያስፈልግም፤ ቃሉን በትምህርተ ጥቅስ አኑራችሁ አለመለየቱን ግለጹ።

በ«ባሪያ» ፈንታ «በባርነት የተያዘ ሰው» የሚለውን እመርጣለሁ። ይህ ለማሳመር አይደለም። «ባሪያ» ሰውየው ምን እንደ ሆነ ይናገራል፤ «በባርነት የተያዘ» ግን ምን እንደ ተደረገበት ይናገራል፤ ተያዘ ካልንም «በማን? መቼ? የት?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ለታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅመው ይህ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ማለስለስ ነው፤ በእኛ አገር እንዲያውም ይህ ይበዛል። «አሽከር»፣ «ገረድ»፣ «አገልጋይ»፣ «የቤት ልጅ» እየተባለ ይጻፋል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ፋሺስት ጣሊያን በኢትዮጵያ ባርነት መኖሩን ለወረራዋ ማመካኛ ስላደረገችው፣ ነገሩን በስሙ መጥራት ለወራሪው መመስከር የመሰለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ወራሪው እውነትን ለክፉ ዓላማ ስለ ተጠቀመበት እውነቱ አይቀርም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. በባርነት የተያዙ ሰዎችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ማውጣቷ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ደግሞ የባርነትን ሕጋዊ ህልውና በአዋጅ መሻሯ ራሱ ነገሩ መኖሩን ይመሰክራል። አገልጋይ ጌታውን ትቶ መሄድ ይችላል፤ ደመወዙን ሊጠይቅም ይችላል፤ አይሸጥም። የተሸጠን ሰው «አገልጋይ» ማለት ሻጩን መደበቅ ነው።

ከዚህ የማይተናነስ ጥፋት «ገባር»ን ከባርነት ጋር መቀላቀል ነው። ገባር ግብርና ጉልበት የሚገብር ገበሬ ነበር፤ በተለይ በደቡብ ሸክሙ እጅግ የከበደ ነበር። ነገር ግን ገባርን ከነልጆቹ ገበያ አውጥቶ መሸጥ የሥርዓቱ አካል አልነበረም። «ገባሮቹ ባሮች ነበሩ» ብሎ የጻፈ ተማሪ የገባሩን መከራ ያጎላ ይመስለዋል፤ በተግባር ግን በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን በእውነት ይሸጡ የነበሩትን ሰዎች ከታሪኩ ያስወጣቸዋል።

አክብሮት በአማርኛ ከስም በላይ በግስ ውስጥ ይኖራል። ከአንድ ወረቀት ያገኘሁት ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስላል፦ «ንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ አወጁ፤ ባሪያውም ነጻ ወጣ።» አዋጅ ነጋሪው «አወጁ»፣ ነጻ የወጣው ግን «ወጣ»። ይህን ልዩነት የፈጠረው ማስረጃ አይደለም፤ የቆየ ልማድ ነው። አንድ ጥናት ውስጥ ለአዋቂዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አንቀጽ ተጠቀሙ፤ ወይም ሁሉን «እርሱ»፣ ወይም ሁሉን «እርሳቸው» በሉ። እኔ ዛሬ መንግሥቱንም ሌምኪንንም በ«እርሳቸው» የጠራሁት ስለዚህ ነው። የአክብሮት አንቀጹ የብዙ ቁጥርም መስሎ ስለሚታይ ግን፣ «ተገደሉ» ስትሉ አንድ ሰው ይሁን ብዙ ግልጽ አድርጉ።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው

ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ታሪክ ላይ እናጣምረው። ተማሪዬ እንዲህ ጽፎ ነበር፦ «ባሪያው ኦነሲሞስ ነሲብ በምጽዋ ነጻ ወጥቶ በሚስዮናውያን ተማረ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ።» መረጃው በጠቅላላው ትክክል ነው። ሰውየውን ግን በዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ቃል ሽያጩ ይገልጻቸዋል፤ ሻጭ ግን የለም። ስማቸውም በኋላ የተሰጣቸው ስም ብቻ ነው። ሥራውንም ብቻቸውን የሠሩት ይመስላል።

አብረን ስናርመው ይህን መሰለ፦ «በኢሉባቦር የተወለዱትና በልጅነታቸው ሂካ ይባሉ የነበሩት ኦነሲሞስ ነሲብ፣ ገና ሕፃን ሳሉ ባሪያ ፈንጋዮች ከቤተሰባቸው ነጥቀው ሸጧቸው፤ ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው እየተሸጡም ምጽዋ ደረሱ። በዚያ ነጻ ከወጡ በኋላ በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጉሙ፣ እርሳቸው እንደ ሆኑት በባርነት ተይዛ የነበረችውና ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ረድታቸዋለች።» ተማሪው ይህን ካነበበ በኋላ፣ «መምህር፣ እርሳቸውን ‹ተማሩ›፣ እርሷን ‹ረድታቸዋለች› አልን» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም አላየሁትም ነበር። «አስቴር ጋኖ ረድተዋቸዋል» ብለን አስተካከልነው።

አዲሱ ጽሑፍ ከመጀመሪያው አራት እጥፍ ይረዝማል። የገጽ ገደብ ያለበት ተማሪ ይህን ሊያማርር ይችላል፤ እኔም እቀበላለሁ። በየዓረፍተ ነገሩ «በባርነት የተያዙ ሰዎች» እያሉ መጻፍ አንባቢን ያደክማል። መፍትሔው ወደ አጭሩ ቃል መመለስ አይደለም፤ በመጀመሪያ ሙሉውን ጽፎ፣ ቀጥሎ «ሰዎቹ»፣ «ልጆቹ»፣ «ሴቶቹ»፣ ሲታወቅም በስማቸው መጥራት ነው። «ባሪያ ፈንጋይ»፣ «የባሪያ ንግድ» የሚሉትን ግን አልነካም፤ ድርጊቱን በስሙ ይጠራሉና።

እንግዲህ ወረቀታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ስለ ግድያም ሆነ ስለ ሽያጭ የጻፋችሁትን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከገጹ አውጡና፣ በዚያ ዘመን የፈጻሚው ሬዲዮ ወይም የነጋዴው ደብተር አንድም ቃል ሳይለውጥ ሊያወጣው ይችል እንደ ነበር ጠይቁ። የሚችል ከሆነ ገና አልጻፋችሁትም።

እኔ ወደ እናትየዋ ቤት ተመልሼ ሄጃለሁ። ገጹን ለውጬ፣ የልጃቸውን ስም፣ የሚማርበትን ክፍል፣ ከቤት የወሰዱትን የቀበሌ ታጣቂዎችና የተገደለበትን ሌሊት ጽፌ አነበብኩላቸው። «አሁን የአንተ ነው» አላሉኝም። «ስሙ ላይ አንድ ፊደል ስተሃል» አሉኝ፤ አስተካከልኩት።